መልስ፦ የተዋጠ ኮከብና ሁለት ቤት የያዘ ገዢ

«ቻርቴ ላይ ሐመል የየትኛውም ቤት መነሻ አይደለም፣ ሠውር ግን ሁለት ቤት ይዟል። እንዴት ነው የሚነበበው?»

ፕላሲደስ በሚባለው የቤት አከፋፈል ላይ ያጋጥማል፣ በተለይ ከምድር ወገብ ርቆ ለተወለደ ሰው፤ እዚያ የቤቶቹ ስፋት በጣም ይለያያል። እንበል ሁለተኛው ቤት ከሑት 28 ዲግሪ ይነሳል፣ ሦስተኛው ከሠውር 3። ሐመል ሙሉ በሙሉ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ተውጧል፣ ትይዩው ሚዛንም ስምንተኛው ውስጥ።

የሁለተኛው፣ የገንዘብ ቤቱ ዋና ገዢ አሁንም ጁፒተር ነው፣ መነሻው ላይ ያለው ሑት የእሱ ነዋ። ግን ሑት እዚያ ያለው 2 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ሐመል 30። ስለዚህ የሐመልን ጌታ ማርስን እንደ ሁለተኛ ገዢ አንብበው። አቅራብ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ከያዘ ደግሞ ማርስ የሁለቱም ጌታ ነው፤ በቀድሞው አገዛዝ ማለቴ ነው። ማርስ ያለበት ቤትና ሁኔታው ትምህርትን፣ ሥራንና ገቢን አንድ ላይ ያስተሳስራል። ሠውርም ሦስተኛውንና አራተኛውን ስለያዘ ቬነስን እንዲሁ አንብባት።

«የተዋጠ ኮከብ የታፈነ ነው» የሚሉትን እኔ ብዙም አልቀበልም፤ እያንዳንዱ ኮከብ አንድ ሙሉ ቤት በሚሆንበት በሙሉ ኮከብ ቤት ብታሰላው መዋጡ ራሱ ይጠፋል። የልደት ሰዓትህንም አጣራ፣ መነሻው 28 ላይ ከሆነ የጥቂት ደቂቃ ስህተት ሐመልን መነሻው ላይ ያወጣዋል።