አፖስትሮፍ ያለበት ስም በመታወቂያና በቅጽ ላይ እንዴት ይጻፋል?

«ስሜ መዓዛ፣ የአባቴ ስም ኃይለ ሚካኤል ነው። ፓስፖርቴ ላይ Me'aza ተብሎ ተጽፏል፤ ትኬት ስቆርጥ ግን ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ያለችውን ምልክት አልቀበልም ይላል። አዲሱ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ በአማርኛ “መአዛ” ተብዬአለሁ። የትኛው ነው ትክክል? ቅጽ ስሞላስ የቱን ልከተል?»
አንዲት አንባቢ

በቋንቋ በኩል መልሱ አያከራክርም። መዓዛ ከግእዝ የመጣ ቃል ስለሆነ የሚጻፈው በዐይኑ ዓ ነው፤ ዛሬ በአማርኛ ንግግር ዐይኑን ዐ ከአልፋው አ ለይቶ የሚጠራ ባይኖርም፣ ሥርወ ቃሉን የሚጠብቅ ጸሐፊ መአዛ ብሎ አይጽፍም። ይሁን እንጂ ለመዝገበ ቃላት ትክክል የሆነው አጻጻፍ ሁልጊዜ ለቅጽ ትክክል አይሆንም። ቅጽ የሚጠይቅዎ ስምዎ እንዴት መጻፍ እንደሚገባው ሳይሆን በሰነዱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ነው።

በላቲን ፊደል ለዐይኑ ዐ የሚሆን ሆሄ የለም። የግእዝ ሊቃውንት በጥናት ጽሑፎቻቸው ለዐይኑ ʿ፣ ለአልፋው ʾ የሚባሉትን ትንንሽ ግማሽ ቀለበቶች ይጠቀማሉ፤ ሌላው ሰው ግን ለሁለቱም በኪቦርዱ ላይ ያለችውን አፖስትሮፍ ያስገባል። በእርስዎ ስም ላይ የአፖስትሮፏ ሥራ «e» እና «a» ተጣብቀው እንደ አንድ ድምፅ እንዳይነበቡ መከልከል ነው። መስዑድ በሚለው ስም ላይ ሥራዋ ከዚህም ይበልጣል፤ Mas'ud ከተባለው ውስጥ ብትወጣ የሚቀረው Masud ነውና የማያውቀው ሰው «መሱድ» ብሎ ያነብበዋል። ስለዚህ ምልክቷ ጌጥ ናት የሚሉትን አልቀበልም። ነገር ግን ድምፅን በትክክል ማሳየቷ በማሽን ፊት እንድትነበብ አያደርጋትም።

ፓስፖርትዎን ሲገልጡ ስምዎን ሁለት ቦታ ያገኙታል። አንደኛው ከፎቶግራፉ አጠገብ፣ ሰው እንዲያነብበው የተጻፈው ነው። ሁለተኛው ከገጹ ግርጌ፣ እያንዳንዳቸው 44 ቦታ ባላቸው ሁለት መስመሮች ለማሽን የተጻፈው ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ቁጥሩ 9303 በሆነው ሰነዱ እንደደነገገው፣ በእነዚህ መስመሮች ውስጥ ከ A እስከ Z ካሉት ሆሄያት፣ ከ0 እስከ 9 ካሉት አኃዞችና ባዶ ቦታን ከሚሞላው < ምልክት በቀር ሌላ ነገር አይገባም። አፖስትሮፍ ሲያጋጥም ይወጣል፤ በቦታው ምንም አይተካም፤ ግራና ቀኙ ይገጥማል። ስለዚህ ላይ `ME'AZA` የሆነው ግርጌ ላይ `MEAZA` ይሆናል። ጭረት ግን እንዲህ አይደለም፤ በ< ይተካል እንጂ አይጠፋም፤ `MARIE-ELISE` የነበረው `MARIE<ELISE` ይሆናል።

ትኬት ሲቆርጡ አፖስትሮፏን የማይቀበል ቅጽ ካጋጠመዎ እንግዲህ የሚጽፉት `MEAZA` ነው። በተግባር የማየው የተለመደ ስሕተት አፖስትሮፏ በነበረችበት ቦታ ክፍተት መተው ነው። `ME AZA` ብለው ከሞሉ ኮምፒውተሩ «ME» አንድ ስም፣ «AZA» ሌላ ስም አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ በአየር ማረፊያ ማሽኑ ከግርጌው መስመር ከሚያነብበው ጋርም አይገጥምም። ምልክቷን የሚቀበል ቅጽ ሲያጋጥም ደግሞ ከፎቶው አጠገብ እንደተጻፈው ከነአፖስትሮፏ ይሙሉ።

አክሰንት ላለባቸው የአውሮፓ ስሞችም መንገዱ ይኸው ነው፤ ጀርመን አገር ተጋብተው Schröder የተባሉ ወገኖቻችን ሊያውቁት ይገባል። «é» ወደ E ይለወጣል፤ «ö» ግን በደንቡ OE ወይም O ሊሆን ስለሚችል ጀርመኖች OE ይመርጣሉ፤ ግርጌ ላይ `SCHROEDER` ይባላል ማለት ነው። ይህን በግምት ከመወሰን ይልቅ የራስን ፓስፖርት የግርጌ መስመር እያዩ ሆሄ በሆሄ መቅዳት ይሻላል፤ የሚፈለገው መልስ እዚያው ታትሟልና።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአፖስትሮፏ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአባትዎ ስም ነውና። ኃይለ ሚካኤል በአማርኛ ተለያይቶም ተገጥሞም ይጻፋል፤ አንባቢው አንድ ስም መሆኑን ስለሚያውቅ አይሳሳትም። በላቲን `HAILE MICHAEL` ተብሎ በክፍተት ከተጻፈ ግን፣ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሚል ሦስት ሳጥን በተከፈለ ቅጽ ላይ መዝጋቢው «Haile»ን የአባት፣ «Michael»ን የአያት ስም አድርጎ ሊያስገባው ይችላል፤ እውነተኛው አያትዎም ከሰነዱ ይወጣሉ። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት የመሳሰሉ ስሞች ያሏቸው ሁሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሰነዱ ገና ካልወጣ `HAILEMICHAEL` ብሎ ገጥሞ ማስጻፍ ይመረጣል። ወጥቶ ከሆነ ግን ክፍተቱ ባለበት ይቀጥላል፤ በአንዱ ቅጽ ገጥሞ በሌላው ለይቶ መሙላት ከሁሉም የከፋ ነው።

ወደ አማርኛው እንመለስ። ለሰው ጆሮ መዓዛና መአዛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሆሄያቱ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ዓ `U+12D3`፣ አ `U+12A0` ነው፤ በአልፋው ቤት ያለው ራብዑ ኣ ደግሞ `U+12A3` ነውና ሦስተኛ አጻጻፍ «መኣዛ» ሊመጣ ይችላል። መዝገቡ እነዚህን ሆሄያት እንደ አንድ እንዲያይ ካልተዘጋጀ በቀር በመዓዛ የተመዘገበ ሰው በመአዛ ሲፈለግ አይገኝም። ስለዚህ መታወቂያዎ እስካልታረመ ድረስ የአማርኛ ስም በሚጠይቅ ቅጽ ላይ፣ ቅር ቢልዎም፣ መታወቂያው እንዳለ «መአዛ» ብለው ይሙሉ፤ እርማቱን ደግሞ መታወቂያውን የሰጠው አካል የልደት የምስክር ወረቀት ወይም ሌላ የቀደመ ማስረጃ አይቶ እንዲያደርገው ይጠይቁ። በመስኮት ሲያስጽፉ «መዓዛ ብለህ ጻፍ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ «በዐይኑ ዓ፣ ራብዑን» ብለው ይንገሩ፤ ለአባትዎም «በብዙኃኑ ኃ» ይበሉ። ወጣት ጸሐፊ እነዚህን የሆሄ ስሞች ላያውቃቸው ስለሚችል በወረቀት ጽፈው ቢያሳዩ ይመረጣል፤ ከመፈረምዎ በፊትም ስክሪኑን አይተው ያመሳክሩ።

አፖስትሮፏም ራሷ እንዲሁ ታሳስታለች። በኪቦርድ የምትጻፈው ቀጥ ያለችው ' `U+0027` ስትሆን፣ ብዙ ስልኮችና የጽሑፍ ፕሮግራሞች ሳይጠይቁ ወደ ጎባጣዋ ’ `U+2019` ይለውጧታል። ቅጹ ምልክቷን ይቀበላል ተብሎ ሳለ «የተሳሳተ ሆሄ» ካለዎ፣ ስምዎን ከስልክ መልእክት ቀድተው ለጥፈው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ያጥፉትና እዚያው ሳጥኑ ውስጥ በእጅ ይጻፉት።

በቁቤ የተጻፉ የኦሮምኛ ስሞችን በዚሁ ሚዛን ማየት ይገባል። Caalaa ማለት ጫላ ነው፤ በቁቤ «c» የጨ ድምፅ ነውና አናባቢው መደገሙም ርዝመትን ያመለክታል። ቁቤን የማያውቅ ጸሐፊ «ትርፍ ሆሄ ነው» ብሎ Chala ቢያደርገው፣ ያው ሰው በሁለት ሰነድ ሁለት ስም ይኖረዋል።