ሊንክዲን ላይ አለቃ ሳያውቅ ሥራ መፈለግ

«ሥራ እየፈለግኩ እንደሆነ ሊንክዲን ላይ ባሳይ አለቃዬ ያየዋል እንዴ? ሥራዬን ገና አልለቀቅኩም።»

ፎቶሽ ላይ አረንጓዴውን ክብ ካወጣሽ አዎ፣ እሱም ያየዋል። Open to work ስትሞዪ ማን እንዲያየው እንደምትፈልጊ ይጠይቅሻል። Recruiters only የሚለውን ምረጪ። ክቡ አይወጣም፣ የሚያዩሽም የሊንክዲንን የቀጣሪዎች አገልግሎት የሚጠቀሙ ብቻ ናቸው። ከራስሽ መሥሪያ ቤት ቀጣሪዎችም ሊደብቅሽ ይሞክራል።

«ይሞክራል» ያልኩት በምክንያት ነው። የት እንደምትሠሪ የሚያውቀው ፕሮፋይልሽ ላይ ካለው የድርጅት ስም ነው። ስሙን ዝም ብለሽ ጽፈሽው ከድርጅቱ ገጽ ጋር ካልተያያዘ ከማን እንደሚደብቅሽ አያውቅም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከስሙ አጠገብ የድርጅቱ ሎጎ ሳይሆን ግራጫ ሥዕል ታያለሽ። ስሙን እንደገና ጻፊና ከሚመጣልሽ ዝርዝር ሎጎ ያለውን ምረጪ። ሴቭ ከማድረግሽ በፊት ግን Notify network መጥፋቱን እዪ፤ አለዚያ ለውጡ ለሥራ ባልደረቦችሽ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። መሥሪያ ቤትሽ ሠራተኛ የሚፈልገው በውጭ ኤጀንሲ በኩል ከሆነ ኤጀንሲው ሊያይሽ ይችላል። ወሬ ደግሞ እግር አለው።

ኢሜይሉንም አትርሺ። የኔ አካውንት በቢሮ ኢሜይል ነበር የተከፈተው። ስብሰባ ላይ ላፕቶፔ ፕሮጀክተር ላይ ተሰክቶ «ለሥራው ስላመለከቱ እናመሰግናለን» የሚል ብቅ አለ። አለቃዬ ምንም አላለም፣ መነጽሩን ብቻ አስተካከለ። አንቺ የግል ኢሜይልሽን primary አድርጊና የቢሮውን አጥፊው።