«ገንዘቤ መቼ ይመለስልኛል?»

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሂሳብ ሥራ ስኖር ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ መጥቶ አማክሮኛል። የማልረሳው አንድ ቡና ነጋዴ ነው። የልጁ ሠርግ ሲቃረብ፣ አክሲዮን የገዛበትን ድርጅት ገንዘቡን እንዲመልስለት ጠይቆ «አንመልስም» ተባለ። ተታለልኩ ብሎ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ማንም አላታለለውም፤ ያበደረ መስሎት የገዛው ባለቤትነትን ነበር።

አክሲዮን የድርጅቱ ባለቤትነት ድርሻ ነው፤ ቦንድ ደግሞ ለድርጅቱ ያበደሩት ገንዘብ ወረቀት ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ልንገራችሁ። እሸት ቡና ፈልፍሎ የሚያጥብ ድርጅት ለማቋቋም 10 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል እንበል። 6 ሚሊዮኑ ባለ 1,000 ብር 6,000 አክሲዮኖች ተሸጠው ተሰበሰበ። 4 ሚሊዮኑ በዓመት 12 በመቶ ወለድ በሚከፈልበትና በአምስተኛው ዓመት በሚመለስ ቦንድ ተገኘ። ስለዚህ ድርጅቱ በየዓመቱ 480,000 ብር ወለድ አለበት።

ቡናው ባማረበት ዓመት ከወለድ በፊት 1,800,000 ብር ተረፈ። ወለዱና 30 በመቶ የትርፍ ግብሩ ሲነሱ 924,000 ብር ይቀራል። ሁሉም ቢከፋፈል ለአንድ አክሲዮን 154 ብር ይደርሳል፤ የ1,000 ብር ቦንድ የያዘው ግን ያችኑ 120 ብር ይቀበላል። በቀጣዩ ዓመት ዋጋ ወደቀና 300,000 ብር ብቻ ተገኘ። ለባለአክሲዮኑ የሚከፋፈል ትርፍ የለም። የቦንዱ ባለቤት ግን 120 ብሩን ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው ሊከስ ይችላል።

ድርጅቱ ቢፈርስስ? ንብረቱ ተሸጦ 5 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ከዚህ ላይ የሠራተኞችና የቡና አቅራቢዎች 500,000 ብር፣ የቦንዱም 4 ሚሊዮን ይከፈላል። የቀረው 500,000 ብር ለ6,000 አክሲዮኖች ሲካፈል 83 ብር ገደማ ነው። ንብረቱ 3 ሚሊዮን ብቻ ቢያወጣ ደግሞ አበዳሪውም ሙሉ ገንዘቡን አያገኝም። ቦንድ ከአክሲዮን ይቀድማል እንጂ ከኪሳራ ነጻ አይደለም። የኑሮ ውድነቱ ከወለዱ በልጦ ሲሮጥም ቦንድ የያዘ ሰው ይጎዳል፤ ይህን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

ብዙዎቻችን የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል። የግድቡ ባለአክሲዮን አልሆንንም፤ አበደርን። ስለዚህ ወለድና የመመለሻ ቀን ነበረው። አክሲዮን ግን የመመለሻ ቀን የለውም። ባለአክሲዮን በጉባኤ ድምፅ ይሰጣል፤ መውጣት ሲፈልግ ገዢ ይፈልጋል። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ቢጀምርም፣ ብዙ አክሲዮኖች ዛሬም የሚሸጡት ሰው በሰው ተፈልጎ ነው።

ያ ነጋዴም እንዲሁ አደረገ። ገዢ እስኪገኝ የሠርጉ ቀን አለፈ፤ ድግሱንም በብድር ደገሰ። ወረቀቱን ሲገዛ የመመለሻ ቀን ተጽፎበት እንደሆነ አይቶ ቢሆን ኖሮ የሠርጉን ገንዘብ እዚያ ባላስገባ ነበር።