ቤቱ ወይስ ቤቴ? የደበዘዙ የታይፕ ደብዳቤዎችን ስለመገልበጥ

ጥያቄ፦ «አያቴ በታይፕ ያስጻፏቸውን ደብዳቤዎች ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ሁለቱ ላይ ሻይ ፈሶባቸዋል፤ ፊደሎቹም ግማሽ ግማሻቸው የለም። ሉ ይሁን ሊ፣ ቱ ይሁን ቴ መለየት አቃተኝ። በግምት እየሞላሁ ልቀጥል ወይስ ሌላ መንገድ አለው?»

እህቴ፣ በግምት መሙላቱን ለጊዜው ተዪው። ይህን የምልሽ የአባቴን ደብዳቤዎች ስገለብጥ ራሴ በግምት ሞልቼ ስለተሳሳትኩ ነው። አንዲት ፊደል ናት ያሳሳተችኝ፤ ወደኋላ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ፊደሎቹ ለምን እንዲህ እንደሚሰባበሩ እንይ። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ ለየብቻው የሚይዝ ቁልፍ ታይፕራይተር ላይ የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ ፊደላት የሚሠሩት በሁለት ምት ነው፤ አካሉ አንድ ምት፣ ወገቡ ወይም እግሩ ላይ የሚቀጠለው ምልክት ሌላ ምት። ታይፒስቷ አካሉን አጥብቃ መትታ ቅጥያውን ለስለስ አድርጋ ነክታው ይሆናል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ሲገኝ ቅጥያው ጠፍቷል፣ ወይም ከአካሉ ተላቆ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አንቺ «ተሰብሯል» የምትዪው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ሁለት የነበረ ነው።

ከዚህ የሚጠቅምሽ ነገር አለ። የሰው እጅ ጽሑፍ በየቃሉ ይለዋወጣል፤ ማሽን ግን ጥፋቱን ይደጋግማል። ቅጥያው ዝቅ ብሎ የሚመታ ማሽን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ይመታዋል። ቀለበቱ ውስጥ ቆሻሻና ቀለም የደረቀበት ኃምስ በየገጹ ድፍን ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አንድ አጠራጣሪ ቃል ላይ ተደፍተሽ ከመዋል የዚያን ማሽን ጠባይ አስቀድመሽ አጥኚ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ከደብዳቤው ውስጥ ምንም የማያጠራጥሩ ቃላት እፈልጋለሁ። «ሁሉ» የሚለው ቃል ሉ እንዳለበት ማንም አይከራከርም። «ሚኒስቴር» ውስጥ ያለው ቴ ነው። «እንዴት» ውስጥ ዴ፣ «ሁለቱም» ውስጥ ቱ። እነዚህን በስካኑ ላይ ቆርጬ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እለጥፋለሁ። የዚያ ማሽን ፊደል ገበታ ማለት ነው። ሃያ ያህል ፊደል ሲሰበሰብ ከግማሽ በላይ የሆነው ጥርጣሬ በራሱ ይፈታል።

ገበታው ሲሠራ ሌላም ነገር ይታያል። ጉድለቱ በአንድ ፊደል ብቻ ከሆነ ያ የዚያ ብረት ጉዳት ነው። በሁሉም ፊደላት ላይ የግራው ጎን ከሳሳ ግን ብረቶቹ ወረቀቱን የሚመቱት በቀኝ ጎናቸው አዘንብለው ነው ማለት ነው። ይህ ለአማርኛ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የግራ እግሩ የጠፋ በ ባ ይመስላል፣ ሰ ደግሞ ሳ፣ ለ ደግሞ ላ። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ሁሉም ግዕዝ ራብዕ ሆኖ ይነበብሻል። ጽሑፉ ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ ከገጽ ገጽም እኩል እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ያለቀው ሪባኑ ነው፤ በፊደሉ ቅርጽ አትጠራጠሪ።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። አባቴ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር የጻፈው አንድ አቤቱታ አለ። መሐሉ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ቡናማ ምልክት ጥሏል። ከክቡ ስር አንድ ዓረፍተ ነገር «ቤ?ን ለታናሽ ወንድሜ አደራ ሰጥቻለሁ» ይላል። የተጠየቀችው ፊደል ተ መሆኗ በግልጽ ይታያል፤ ቅጥያዋ ግን ብዥ ያለ ጥቁር ጠብታ ነው። እኔ «ቤቱን» ብዬ ገለበጥኩት፤ ዓረፍተ ነገሩም ትርጉም ሰጠኝ። ችግሩ «ቤቴን» ቢባልም እኩል ትርጉም መስጠቱ ነው። ለአጎቶቼ ልጆች ስልከው ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ሆነ፤ «የእኔ ቤት ነው አላለም፣ ዝም ብሎ ቤቱን ነው ያለው» ተባለ። ሰው የሚከራከርበት ቃል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተመለስኩበት። ያን ጊዜ ገበታው ነበረኝ። በዚያው ደብዳቤ «ሁለቱም» የሚለው ሁለት ጊዜ፣ «ሚኒስቴር» የሚለው ሦስት ጊዜ ይገኛል። በ«ሁለቱም» ውስጥ የካዕቡ ቅጥያ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ እግር ላይ ግን አይደርስም። በ«ሚኒስቴር» ውስጥ ሦስቱም ጊዜ ቀለበቱ ተደፍኗል፤ እንደ ቀለበት አይታይም፣ እግር ላይ የተቀመጠ ጠብታ ነው። የእኔ አጠራጣሪ ጠብታ ያለው እግር ላይ ነበር። ቀለበት ስላልታየኝ «ኃምስ አይደለም» ብዬ ነበር የጣልኩት፤ ለካ ያ ማሽን ቀለበት ያለው ኃምስ ጽፎ አያውቅም።

ለማረጋገጥ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ታይፕራይተር ቀለም ብቻ አይቀባም፤ ብረቱ ወረቀቱን ይወጋዋል። ቀለሙ ቢጠፋም ጉድጓዱ ይቀራል፣ በጀርባው በኩል ደግሞ እብጠት ሆኖ ይታያል። ማታ መብራት አጥፍቼ የስልክ ባትሪ ከወረቀቱ ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ለማለት እስኪደርስ ዝቅ አድርጌ አበራሁ። በዚህ ብርሃን እያንዳንዷ እብጠት ጥላ ትጥላለች። በሌላ ስልክ ከላይ ቀጥ አድርጌ አነሳሁት፣ ከዚያ መብራቱን ከግራ ወደ ላይኛው ጠርዝ አዛውሬ ደገምኩ፤ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ካበራሽ ከብርሃኑ ጋር ትይዩ የሆነው ጭረት አይታይሽም። የጀርባው ፎቶ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ በኮምፒውተር መልሼ አዞርኩት። ተ እግር አጠገብ ክብ እብጠት ነበር፤ ወገቡ ላይ ምንም የለም። ቤቴን።

ይህ ዘዴ የሚሠራው በዋናው ደብዳቤ ላይ ነው። በካርቦን የወጣ ግልባጭ ከሆነ ብረቱ በላይኛው ወረቀትና በካርቦኑ ውስጥ አልፎ ስለሚደርስ ጉድጓዱ በጣም ደካማ ነው። ግልባጭ መሆኑን በቀላሉ ታውቂዋለሽ፤ ወረቀቱ ስስ ነው፣ የፊደሉም ጠርዝ እንደ ጥላሸት ይበተናል። በዋናው ላይ ግን አጉልተሽ ስታዪ የሪባኑ ጨርቅ ድርና ማግ በፊደሉ ውስጥ ይታያል። ግልባጭን ከኋላው ነጭ ብርሃን አድርጎ ማየት ይሻላል።

ስለ እድፉ፦ ወረቀቱን አታርጥቢ፣ በላጲስም አትፈግፍጊ። በ600 ዲፒአይ በቀለም ስካን አድርጊና በቲፍ አስቀምጪው፤ ጥቁርና ነጭ ስካን ካደረግሽ የምነግርሽ ነገር አይሠራም። ጂምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶውን ከፍተሽ `Colors` → `Components` → `Decompose` ግቢና `RGB` ምረጪ። ፎቶው ወደ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ንብብሮች ይከፈላል። የሻይ እድፍ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ በሰማያዊው ንብብር ጥቁር ደመና ይሆናል፤ በቀዩ ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል፣ ጥቁሩ ታይፕ ብቻ ይቀራል። ሐምራዊ ማኅተም ጽሑፍ ላይ ካረፈ ነገሩ ይገለበጣል፤ እሱ የሚሳሳው በሰማያዊው ንብብር ነው። ታይፑ ራሱ በሐምራዊ ሪባን ተጽፎ ከደበዘዘ ደግሞ አረንጓዴውን እዪ፤ እዚያ ነው የሚጠቁረው። ብዙ ገጽ ካለሽና ትእዛዝ መጻፍ ከለመድሽ ኢሜጅማጂክ በአንድ መስመር ያወጣዋል፦

```
magick letter.tif -channel R -separate red.png
```

ቁጥር ላይ ሲደርስ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቃልን ዓረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፣ ቁጥርን ግን የሚረዳው የለም። የግራ ጎኑ የሳሳ 8 ቁልጭ ያለ 3 ይመስላል። የአባቴ ደብዳቤ ዓመተ ምሕረት 1963 ወይም 1968 ተብሎ ሊነበብ ይችል ነበር። ስለ ቤት የሚያወራ ወረቀት ከሆነ በሁለቱ መካከል ሰማይና ምድር ነው፤ ትርፍ ቤቶችና የከተማ ቦታ የመንግሥት የሆኑት ሐምሌ 1967 ላይ ነው። የፈታልኝ ከደብዳቤው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። አባቴ በመግቢያው «የግርማዊነታቸው መንግሥት» ብሎ ይጽፋል፤ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 1967 ስለሆነ እንዲህ ያለ አጻጻፍ በ1968 የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ 1963 ብዬ ጻፍኩት፣ በምን እንደወሰንኩም አጠገቡ አስታወስኩ።

ስትገለብጪ ከዓይንሽ የመጣውንና ከአእምሮሽ የመጣውን ለይተሽ ጻፊ። እኔ የሞላሁትን ፊደል በማዕዘን ቅንፍ አደርገዋለሁ፤ «ቤ[ቴ]ን» ማለት ነው። ፈጽሞ ያልተነበበውን በነጥብ እተካዋለሁ፣ ለአንድ ፊደል ቦታ አንድ ነጥብ። ቦታውን ለመቁጠር ከላይና ከታች ባሉት ንጹሕ መስመሮች ላይ አሥር ፊደል የሚይዘውን ርዝመት በማስመሪያ ለኪና ለአሥር አካፍዪው፤ ክፍተቱን ደግሞ በወጣው የአንድ ፊደል ስፋት አካፍዪ፤ ታይፕራይተር እያንዳንዱን እርምጃ እኩል ነው የሚራመደው። አራት ፊደል በሚይዝ ክፍተት ውስጥ ሰባት ፊደል ያለው የአባት ስም አይገባም። በዚህ ብቻ ሁለት የተሳሳቱ ስሞችን ጥያለሁ።

ፊደል አታርሚ። አያትሽ «ሠላም» ብለው አስጽፈው ከሆነ «ሰላም» ብለሽ አታስተካክዪው፤ ሀ፣ ሐና ኀም እንደተጻፉ ይቀመጡ። ታይፒስቷ በስህተት መትታ ላዩ ላይ ሌላ ፊደል ደግማ የመታችበት ቦታ ካለ ሁለቱንም ጻፊና የትኛው ላይ እንዳረፈ አስታውሺ። ጠቆር ያለው ብዙ ጊዜ እርማቱ ነው፤ ሆን ብላ አጥብቃ ስለምትመታው።

ሻይ የፈሰሰባቸውን ሁለቱን ደብዳቤዎች ለመጨረሻ አቆያቸው። ሌሎቹ በዚያው ማሽን የተጻፉ ከሆነ እነሱን ስትጨርሺ ገበታሽ ሙሉ ይሆናል። አንድ ማሽን መሆኑን ለማወቅ የደብዳቤዎቹን መክፈቻ «ለክቡር» የሚለውን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጪና የቡን ቅጥያ ከፍታ አነጻጽሪ። ከፍታው ከተለያየ ሁለት ማሽን ነው፤ ሁለት ገበታ ሥሪ።