ፎቶው ላይ ያለው መገንጠያ የየትኛው ከተማ ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሟቹ አባቴ በ1998 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ሲሠራ የተነሳው ፎቶ አለን። መገንጠያ ላይ ቆሟል፤ ከጀርባው በሁለቱ መንገዶች መሐል የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ኋላ ደግሞ የክብ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል። እናቴ እንጅባራ ነው ትላለች፣ ወንድሜ ቡሬ፣ አጎቴ ደጀን። ሦስቱንም በሳተላይት ካርታ ብፈልግ እንደ ፎቶው ያለ ቲ ቅርጽ መገንጠያ አጣሁ። ቤቶቹም አይመሳሰሉም። እንዴት አድርጌ ላመሳክር? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።» (ከፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ ያጣሽው ቲ ስለፈለግሽ ነው። በላክሽው ፎቶ ላይ ያለው መገንጠያ ጠባብ ሹካ ነው እንጂ ቲ አይደለም። ሰው ቆሞ ፎቶ ሲያነሳ ካሜራው ከመሬት ከፍ የሚለው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ወደ ፊት የሚሄደው የመሬቱ ርዝመት ይጨፈለቃል፤ ወደ ጎን ያለው ስፋት ግን ብዙም አይጎዳም። ስለዚህ ከቆምሽበት ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ 40 ዲግሪ ሹካ ወረቀቱ ላይ 120 ዲግሪ የተከፈተ ሊመስል ይችላል። ከፎቶ በዓይን የተገመተ ማዕዘን ይዞ ካርታ ላይ መዞር ድካም ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነተኛው ማዕዘን ግን ከዚያው ፎቶ ይወጣል። ወደ ግራ የሚሄደውን መንገድ ሁለት ጠርዞች በማስመሪያ አስረዝሚያቸው። ጠርዙ ካልታየሽ መንገዱን ተከትለው የተሠሩትን ሱቆች የጣሪያ ጫፍ ተጠቀሚ። መስመሮቹ የሆነ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ መንገዱ የሚጠፋበት ነጥብ ያ ነው። ለቀኙም መንገድ እንዲሁ አድርጊ። መንገዱ ራቅ ብሎ ቢታጠፍ አትጨነቂ፣ ከመገንጠያው የሚነሳውን የመጀመሪያውን ቀጥ ያለ ቁራጭ ብቻ ያዢ።

እኔ ሳሰምር ሁለቱም ነጥቦች ፎቶው ውስጥ ወደቁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ማዕዘን ካሜራው በአንድ ጊዜ ከሚያየው ስፋት ያነሰ ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በሰው እጅ የነበሩት ትንንሽ የፊልም ካሜራዎች ብዙዎቹ 35 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ሌንስ ነበራቸው። እንዲህ ያለው ሌንስ ፎቶው በአግድም ሲነሳ የሚያየው 54 ዲግሪ ገደማ ነው። ቲ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ ነጥብ ከፎቶው ውጭ በወደቀ ነበር።

ከዚህም በላይ ጠጋ ማለት ይቻላል። ሳይቆረጥ በታተመ 10 በ15 ሴንቲሜትር ፎቶ ላይ የ35 ሚሊሜትር ሌንስ ርቀት ወደ ወረቀቱ መጠን ሲቀየር 14.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ባንቺ ፎቶ የግራው ነጥብ ከመሐል 5፣ የቀኙ 6 ሴንቲሜትር ይርቃል። ካልኩሌተር ላይ እንዲህ ይሠራል፦

```
atan(5/14.6) + atan(6/14.6) = 19 + 22 = 41
```

ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ከነበረ በ14.6 ፋንታ 20.8 ታስገቢና 30 ዲግሪ ያህል ይመጣል። እንግዲህ ካርታው ላይ የምትፈልጊው ከ30 እስከ 41 ዲግሪ የሚከፈት ሹካ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ፎቶው ከጠርዝ ካልተቆረጠ ነው፤ ከተቆረጠ መሐሉ መሐል አይሆንም። የላክሽው ስካን ሙሉ መሆኑን ከእጅሽ ካለው ወረቀት ጋር አስተያዪው። ግራና ቀኙ ተገልብጦ አለመታተሙን ግን አይቻለሁ፤ የሱቁ ታፔላ በትክክል ይነበባል።

አሁን ወደ ከተሞቹ። ቤተሰቡ የጠራቸው ሦስቱም የታወቀ መገንጠያ አላቸው። ቡሬ ላይ የነቀምቴው፣ እንጅባራ ላይ የቻግኒው፣ ደጀን ላይ የቢቸናው መንገድ ከዋናው ይለያል። ክርክሩም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ሁሉም የሚያውቀውን መገንጠያ ጠራ። ነገር ግን በየከተማው ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱ ሌሎች ሹካዎችም ስላሉ በዋናው መንገድ ላይ ብቻ አትወሰኚ። ፍለጋውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሪ። ክብ ጣሪያ በዛፍ ከተከበበ ግቢ መሐል ከላይ በቀላሉ ይታያል። ፎቶው ላይ ጉልላቱ የቆመው በሁለቱ የመንገድ መጥፊያ ነጥቦች መካከል ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ማግኘት ያለብሽ ሹካው በሚከፍተው ቁራጭ ውስጥ ወይም ከመንገዱ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ከሹካው ግንድ በኩል፣ ማለትም ከካሜራው ጀርባ፣ ከሆነ ያንን ሹካ ወዲያው ተዪው።

«ቤቶቹ አይመሳሰሉም» ያልሽውን አልናቅሁትም፤ ግን ምን ከምን ጋር እንዳስተያየሽ ልብ በዪ። ፎቶው የሚያሳይሽ ግድግዳ ነው፤ ሳተላይቱ የሚያሳይሽ ጣሪያ ነው። ታዛው በየጎኑ 60 ሴንቲሜትር ቢወጣ 8 ሜትር የሆነው ቤት ከላይ 9.2 ሜትር ሆኖ ይለካል። የተደረደሩ ሱቆች ደግሞ ከፊት አምስት በር፣ አምስት ቀለም ናቸው፤ ከላይ አንድ ረጅም ቆርቆሮ ናቸው። በኮምፒውተር ከሳተላይት ምስል የተነቀሱት የቤት ቅርጾችም እንዲህ ያሉትን ሱቆች ብዙ ጊዜ አንድ ቤት አድርገው ነው የሚያሰምሯቸው። የጣሪያ ቀለም ማስረጃ አይሆንም፤ አዲስ ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ሲያረጅ ይዝጋል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀየራል። ይልቅ የጣሪያውን አጣጣል እዪ። በሁለት ወገን የሚፈስ ጣሪያ ከላይ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለው፤ አንዱ ወገን ደመቅ፣ ሌላው ጠቆር ይላል። በአራት ወገን የሚፈሰው ከየማዕዘኑ የሚነሱ ሰያፍ መስመሮች ይታዩበታል። በሹካው መሐል ያለው ቤት በፎቶሽ ላይ ባለ ሁለት ወገን ነው፤ ሦስት ማዕዘን የሆነው የግድግዳው ራስ በግልጽ ይታያል።

ቁርጡን የሚነግርሽ ግን የቅርጽ መመሳሰል አይደለም፤ እኛ ቀያሾች የምንተማመነው በአሰላለፍ ነው። ፎቶ ላይ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር በአንድ ቀጥታ ከቆመ፣ በካርታ ላይም ካሜራው በሁለቱም ላይ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለበት። ሌንሱ ምንም ይሁን፣ ፎቶው ተቆረጠ አልተቆረጠ፣ ይህ አይለወጥም። ባንቺ ፎቶ ጉልላቱ የቆመው ልክ ከመሐሉ ቤት የግራ ማዕዘን በላይ ነው። ጉልላት ደግሞ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ምልክት ነው፤ በክብ ጣሪያ ላይ የሚቆመው መሐል ላይ ስለሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ ብታዪው ቦታው ያው የክቡ መሐል ነው። ጉግል ኧርዝ ላይ `Ruler` የሚለውን ከፍተሽ ከክቡ መሐል ተነሺ፣ በቤቱ የግራ ማዕዘን አሳልፊና ወደ ግንዱ መንገድ አስረዝሚ። ፎቶ አንሺው በዚህ መስመር ላይ የሆነ ቦታ ቆሟል።

ሁለተኛው መስመር በቀኝ በኩል ነው። የረጅሙ ሱቅ የቅርቡ የጣሪያ ጫፍ ከኋላ ካለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የግራ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። እሱንም እንዲሁ አስምሪ። ሁለቱ የሚቋረጡበት የካሜራው ቦታ ነው። መቋረጫው ሰው ሊቆምበት የሚችል ቦታ ነው? መንገድ ወይም የመንገድ ዳር ከሆነ ጥሩ፤ በዚያን ጊዜ በነበረ ቤት ውስጥ ከወደቀ ቦታው ያ አይደለም።

መስመር ስትመርጪ ሁለቱ ምልክቶች ተራርቀው የቆሙ ይሁኑ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤቱ ማዕዘን 150 ሜትር፣ ካሜራው ደግሞ ከማዕዘኑ ወዲህ 40 ሜትር ይሁን እንበል። ማዕዘኑን ስትነኪ አንድ ሜትር ብትስቺ፣ ካሜራው ጋ የሚደርሰው ስሕተት 1.3 ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ምልክቶች የሚራራቁት 10 ሜትር ብቻ ሆኖ ካሜራው ከቅርቡ 60 ሜትር ቢርቅ ግን ያው አንድ ሜትር 7 ሜትር ይሆናል። የመብራት ምሰሶንም ምልክት አታድርጊ፤ መንገድ ሲሰፋ ይነሳል።

ይህን ሁሉ በዛሬው ምስል ላይ አትሥሪው። መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚፈርሰው የማዕዘን ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በአዲስ ሕንፃ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ጉግል ኧርዝ ላይ `Historical Imagery` የሚለውን ተጭነሽ ለ1998 የሚቀርበውን ጥርት ያለ ምስል ያዢ። እዚያ የሚጻፈው ቀን የፈረንጅ ነው፤ 1998 ከመስከረም 2005 እስከ ጳጉሜን 2006 ማለት ነው። በጣም ወደ ኋላ ስትሄጂ የሚመጣው ደብዛዛ ምስል ቤት ለይቶ አያሳይም፤ ስለዚህ «ያኔ ቤት አልነበረም» ብለሽ እንዳትደመድሚበት። አንዱን መስመር በአንድ ዓመት ምስል፣ ሌላውን በሌላ ዓመት ምስል ላይም አታስምሪ፤ ምስሎቹ እርስ በርስ ጥቂት ሜትሮች ይንሸራተታሉ።

በመጨረሻ ቦታውን ለመፈለግ ያልተጠቀምሽበትን ሦስተኛ አሰላለፍ ውሰጂ። ከግራ በኩል የሁለተኛው ሱቅ የጣሪያ ጫፍ የኋለኛውን ረጅም ጣሪያ የሚቆርጥበትን ቦታ እኔ መርጬልሻለሁ፣ ፎቶሽ ላይ በቀይ ምልክት አድርጌ መልሼልሻለሁ። ሦስቱ መስመሮች በአንድ ነጥብ አይገናኙም፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የሦስት ማዕዘኑ ጎን አምስት ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአባትሽን ቦታ አግኝተሻል። ሃያ ሜትር ከሆነ መገንጠያው የቱንም ያህል ቢመስልሽ ሌላ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ሹካ እለፊ። በመካከል ከሆነ አንዱ ምልክት ተሳስቶብሻልና ማዕዘኖቹን እንደገና ንኪያቸው። ስታገኚው መስመሮቹ ያሉበትን ምስል ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን፤ ቤቶቹ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ስለሆኑ ግን የቦታውን ቁጥር በአደባባይ አትለጥፊው።