ፍርድ ሳይሰጥ ዕዳ ይመዘገባል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል ወፍጮ እየገጣጠምን በአንድ ዓመት ዋስትና የምንሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነን። ሐይቅ የሚኖር ደንበኛችን ግንቦት ውስጥ ሞተሩ ተቃጥሎበት ነሐሴ ላይ ደሴ ፍርድ ቤት በ900,000 ብር ከሰሰን። ሂሳባችን የተዘጋው ሰኔ 30 ነው። ኦዲተራችን ለክሱም ለዋስትናውም ፕሮቪዥን፣ ማለትም በግምት የሚመዘገብ ዕዳ፣ ያዙ ይለናል። ጠበቃችን ግን እንደምናሸንፍ ነግሮናል። ክሱ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው፤ ፍርዱም ገና ነው። ታዲያ ለምን ዕዳ ብለን እንመዘግባለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ግንቦት ላይ ሞተሩ ተቃጠለ፤ ክሱ ነሐሴ ላይ ደረሰ። በመካከል ስላለፈው ጊዜ ግን አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ሰው ወፍጮው ቆሞበት ዝም ብሎ ከርሞ በድንገት ጠበቃ አይቀጥርም። መጀመሪያ ስልክ ይደውላል፣ ቀጥሎ ሱቅ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያም ደብዳቤ ይጽፋል። ያን ጊዜ ምን መለሱለት? የላኩት ቴክኒሺያን ሞተሩን ከፍቶ ያየውን በወረቀት አስፍሯል? «ሞተሩን እንተካልሃለን» የሚል መልእክት በእርስዎ ወይም በሽያጭ ሠራተኛዎ ስልክ ላይ ይገኛል? ያንኑ ዓይነት ሞተር የተገጠመላቸው ሌሎች ወፍጮዎችስ ተመልሰው መጥተዋል? የጥያቄዎ መልስ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። «ጠበቃችን እንደምናሸንፍ ነግሮናል» ይላሉ፤ ጠበቃው ይህን ያለው የቴክኒሺያኑን ሪፖርት አይቶ ነው ወይስ የእርስዎን ትረካ ብቻ ሰምቶ? ወረቀቱን ያልተመለከተ ጠበቃ የሰጠው አስተያየት ኦዲተሩን አያሳምንም፤ ፍርድ ቤትም ላይ አይረዳዎትም። ይህን የምለው በቁጣ አይደለም። ደንበኞች የሚጎዳቸውን ወረቀት ከራሳቸው ጠበቃ ሲደብቁ፣ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያወጣው ተቃራኒው ወገን ይሆናል።

መደበኛውን ሕግ በአጭሩ ልለፈው። ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢው ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ማሳወቅ፣ ካሳወቀ በኋላም ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ግንቦት ላይ አሳውቆ ነሐሴ ላይ ከከሰሰ የይርጋ መቃወሚያ ብዙ የሚያስኬድዎት አይመስለኝም። በሂሳብ በኩል፣ በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉን መለኪያ ተከትለው ሪፖርት የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ፕሮቪዥን የሚይዙት ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ባለፈ ድርጊት የመጣ ግዴታ መኖር አለበት፤ ገንዘብ የመውጣቱ ዕድል ካለመውጣቱ መብለጥ አለበት፤ መጠኑም በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት አለበት። ዕድሉ ከዚህ ካነሰ አይመዘገብም፤ ነገር ግን በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ ላይ ይገለጻል። ዕድሉ እጅግ የራቀ ከሆነ ደግሞ ማብራሪያም አያስፈልግም።

አሁን ደንበኞች ዘወትር ወደሚወድቁበት ወጥመድ ልምጣ፤ እርስዎም ደጃፉ ላይ ቆመዋል። «ያለፈ ድርጊት» ሲባል መጥሪያ የደረሰበትን ወይም ፍርድ የተሰጠበትን ቀን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። እዚህ ግዴታውን የፈጠረው ድርጊት ጉድለት ያለበትን ወፍጮ በዋስትና መሸጥዎ ነው። ወፍጮው የተሸጠውም ሞተሩ የተቃጠለውም ከሰኔ 30 በፊት ነው። ነሐሴ ላይ የመጣው መጥሪያ አዲስ ዕዳ አልወለደም፤ ሰኔ 30 ላይ የነበረውን ሁኔታ ገለጠው እንጂ። ሂሳቡ ለመውጣት ከመጽደቁ በፊት የሚገኝ እንዲህ ያለ ማስረጃ በተዘጋው ዓመት ሂሳብ ላይ ይታያል። ፍርድም ሆነ ዕርቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከመጣ የዚያኑ ዓመት አኃዝ ያስተካክላል። ስለዚህ «ለሚቀጥለው ዓመት እናስተላልፈው» የሚለው መንገድ ዝግ ነው።

የፍርድ ቤት ሚዛንና የኦዲተር ሚዛን ደግሞ አይምታቱብዎ። እኛ ጠበቆች የመከላከያ መልስ ስንጽፍ ክሱን በሙሉ እንክዳለን፤ ሥራችን ነው። ኦዲተሩ የሚጠይቀው ግን «የሚከራከሩት ነገር አለ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ማስረጃው ሁሉ ሲታይ ከመክፈልና ካለመክፈል የትኛው ያመዝናል?» ብሎ ነው። ቴክኒሺያኑ «የሞተሩ መጠምጠሚያ ጉድለት ነበረበት» ብሎ ከፈረመ፣ የመልስዎ ጽሑፍ የቱንም ያህል ቢያምር ሚዛኑ ወደ መክፈል ያጋድላል። በአንጻሩ «ገዢው ያለ መከላከያ ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ከመስመር ጋር አገናኝቶት ነበር» የሚል በፎቶግራፍ የተደገፈ ሪፖርት ካለዎት፣ ጉዳዩ በማብራሪያ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሰነዱን ሁሉ ሰብስበው ለጠበቃዎ እንዲሰጡ ደጋግሜ የምጠይቅዎት።

መጠኑስ? እንበልና ከ900,000 ብሩ 420,000ው የወፍጮው ዋጋ፣ 480,000ው «ቀረብኝ» የተባለ ገቢ ነው። ጉድለቱ ከተረጋገጠ ዋጋው መመለሱ ያመዝናል። የቀረው ገቢ ግን በደረሰኝና በመዝገብ መረጋገጥ ይኖርበታል። ከሳሹ ይህ ማስረጃ ከሌለው ፕሮቪዥኑ በ420,000 ብርና ሊወሰን በሚችለው ወጪና ኪሣራ ዙሪያ ይሆናል፤ የቀረው በማብራሪያ ይገለጻል። «ሞተሩን ካስመጣው ነጋዴ እናስመልሳለን» ብለው ይህን እንዳይቀንሱት። የሚመለሰው ገንዘብ ሊቀር የማይችል መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ፣ ያውም ለብቻው እንደ ንብረት ይመዘገባል።

የዋስትናው ሂሳብ ሌላ መንገድ አለው። እያንዳንዱን ወፍጮ ለብቻው ቢያዩት የመበላሸት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ በጅምላ ሲታዩ ግን የተወሰኑት ተመልሰው መምጣታቸው አይቀርም። የሚመዘነውም በጅምላ ነው። ለምሳሌ አምና ከተሸጡ 100 ወፍጮዎች 8ቱ ኩሽኔታ ተቀይሮላቸው እያንዳንዳቸው 6,000 ብር፣ 2ቱ ሞተር ተቀይሮላቸው እያንዳንዳቸው 45,000 ብር ካስወጡ፣ ድምሩ 138,000 ብር ነው፤ ለአንድ ወፍጮ 1,380 ብር ይደርሳል። ዘንድሮ 120 ከሸጡ 165,600 ብር ይመጣል። ከዚህ ላይ እስከ ሰኔ 30 ለእነዚሁ ወፍጮዎች ጥገና የከፈሉት ተቀንሶ የቀረው ፕሮቪዥን ይሆናል። የዘንድሮው ሞተር ከአምናው የተለየ ከሆነ ግን የአምናው ልምድ ብቻውን አይበቃም። የጥገና መዝገብ ከሌለዎት ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ በቃል የሚነገር ግምት ተቀባይነት አያገኝም።

ሳይጽፉት የፈሩትንም እገምታለሁ፤ «ከመዘገብን ከሳሹ አምናችኋል ይለናል» የሚል ስጋት ነው። ፕሮቪዥን ግምት ነው፤ ጥፋትን ማመን አይደለም። ዝርዝር መግለጫው ክርክርዎን በእጅጉ የሚጎዳ ከሆነም፣ እጅግ አልፎ አልፎ በሚያጋጥም ሁኔታ፣ መለኪያው የክርክሩን ጠቅላላ ባሕርይና ዝርዝሩ የቀረበትን ምክንያት ብቻ ገልጾ ማለፍ ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ግን ለማብራሪያው እንጂ ገንዘቡን ሳይመዘግቡ ለመቅረት አይደለም። የማብራሪያውን ቃላት ኦዲተሩና ጠበቃዎ አብረው ይዩት። ግብርን በተመለከተ፣ ገና ላልወጣ ወጪ የተያዘ ፕሮቪዥን በገቢ ግብር ሕጉ በአጠቃላይ ተቀናሽ ስለማይሆን፣ ግብር ይቀንስልኛል ብለው አያስቡ፤ የግብር ባለሙያም ያማክሩ።

እኔ የጻፍኩት ፋይሉን ሳላይ ነው። የሽያጭ ውሉን፣ የዋስትና ካርዱን፣ የቴክኒሺያኑን ሪፖርት፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ የተለዋወጡትን ደብዳቤና የስልክ መልእክት በሙሉ፣ መጥሪያውንም ጨምረው ወደ ጠበቃዎ ይሂዱ። አስተያየቱንም በጽሑፍ ይጠይቁት። የመከላከያ መልስ የሚቀርብበት ቀን መጥሪያው ላይ ተጽፏልና ከዚያ ቀን አስቀድመው ያድርጉት። ከመልእክቶቹ አንዱንም እንዳያጠፉ።