ስንት ጊዜ እንደዋኙ ቆጥረዋል፤ የ100 ሜትር ጊዜዎስ ስንት ነው? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 25 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ 46 ጊዜ ዋኘሁ። የፈጀብኝ 27 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው። ካልኩሌተሩ ላይ 27.36 ለ11.5 ሳካፍል 2.379 አወጣልኝ። 100 ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ዋኝቻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ 11.5 ትክክል ነው። በ25 ሜትር ገንዳ አራት ጉዞ 100 ሜትር ስለሚሆን 46ን ለ4 ማካፈል ይበቃል። የተሳሳተው 27.36 ነው። ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ 36 ሰከንድ የደቂቃ 0.6 እንጂ 0.36 አይደለም። ለዚህ ነው ከማካፈሌ በፊት ሁሉንም ወደ ሰከንድ የምለውጠው፦ 27 በ60 ሲባዛ 1620፣ 36 ሲጨመርበት 1656 ሰከንድ። ይህን ለ11.5 ካካፈሉ 144 ሰከንድ ይመጣል፤ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ማለት ነው።

አንድ ሰው ጊዜውን 27.6 ብሎ በትክክል ቢጀምር እንኳ መጨረሻው ላይ ሊሳሳት ይችላል። መልሱ 2.4 ደቂቃ ይወጣና 2 ደቂቃ ከ40 ተብሎ ይነበባል። ከነጥቡ በኋላ ያለው 0.4 በ60 ሲባዛ ግን 24 ነው። በሰከንድ የሚሠራ ሰው ከሁለቱም ወጥመድ ይድናል።

ጥያቄ፦ እኔ የምቆጥረው ደርሶ መልሱን ነው። 22 ደርሶ መልስ ተኩል ሆነልኝ፤ ነገር ግን ከገባሁበት በኩል ነው የወጣሁት። ግማሹን ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሹ ራሱ የሚነግርሽ ነገር አለ። ከጀመርሽበት ግድግዳ ከወጣሽ የነጠላ ጉዞዎችሽ ቁጥር ሙሉ መሆን አለበት፤ ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ 45 ፈጽሞ አልዋኘሽም። ወይ 44 ነው፣ ወይ 46።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በላይኛው ጠያቂ ጊዜ ብናሰላው 46 ከሆነ 2 ደቂቃ ከ24፣ 44 ከሆነ ግን 1656ን ለ11 አካፍለን 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ዋናው ካለቀ በኋላ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። እኔ ብሆን ሁለቱንም ጽፌ አልፋለሁ እንጂ ደስ የሚለኝን አልመርጥም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግን መፍትሔ አለው። በየአራት ጉዞው የግድግዳውን ሰዓት በጨረፍታ ተመልከቺ። አንድ መቶ ሜትር 2 ደቂቃ ከ24 አካባቢ ሲፈጅብሽ ቆይቶ በድንገት 3 ደቂቃ ከ36 ካየሽ፣ አንድ ደርሶ መልስ ዋኝተሽ ሳትቆጥሪው ቀርተሻል። 1 ደቂቃ ከ12 ካየሽ ደግሞ ያልዋኘሽውን ቆጥረሻል። የቆጠራ ስህተት በአንድ መቶ ሜትር ውስጥ ሲታይ ጎልቶ ይወጣል፤ በ46 ጉዞ መካከል ግን ይሰወራል።

ጥያቄ፦ ጥያቄው ስለ ሰዓት መሰለኝ። እኔ ደግሞ የምዋኘው የእጅ ሰዓት አስሬ ነው። ከወትሮው በተለየ አልፈጠንኩም፤ ባለፈው ሳምንት ግን 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ12 አለኝ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም ብዬ እገምታለሁ። የገንዳው ርዝመት 50 ሜትር ተብሎ ተሞልቶ ይሆናል፤ እዚያ ገብተው ይመልከቱ። እንዲህ ያለው ሰዓት መታጠፍዎን ከእጅዎ እንቅስቃሴ ያውቃል እንጂ ገንዳውን አይለካም፤ ርዝመቱን የሚወስደው ከሞሉለት ነው። 25 ሜትሩን 50 ብሎ ሲቆጥር ርቀቱ እጥፍ፣ ጊዜው ግማሽ ይሆናል። 1 ደቂቃ ከ12ን በሁለት ያባዙት፤ 2 ደቂቃ ከ24 ይመጣል። ስህተቱ በትክክል ግማሽ ወይም እጥፍ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከአንድ ተሳታፊ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። ግድግዳ ይዞ የቆሙበት ጊዜ ዋና አይደለም፤ ሁልጊዜ መቀነስ አለበት። የመጀመሪያው ጠያቂ አራት ጊዜ 45 ሰከንድ አርፎ ከነበረ እኮ ውጤቱ ሌላ ነው።

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ነው፤ «ሁልጊዜ» በሚለው ግን አልስማማም። አራት ጊዜ 45 ሰከንድ 180 ሰከንድ ነው። ከ1656 ሲቀነስ 1476 ይቀራል፤ ለ11.5 ሲካፈል 128 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ8 ይሆናል። ከመጀመሪያው በ16 ሰከንድ ያንሳል። ነገር ግን ያን ፍጥነት ያስገኘው ዕረፍቱ ነው። ይህ ሰው «የ100 ሜትር ጊዜዬ 2 ደቂቃ ከ8 ነው» ብሎ 1500 ሜትር ሳያርፍ በ32 ደቂቃ እጨርሳለሁ ቢል፣ ሳያርፍ ያልሞከረውን ፍጥነት ይዞ ማቀዱ ነው። ሳይቆሙ ለመዋኘት የሚዘጋጅ ሳይቆም የዋኘበትን ጊዜ ይጠቀም። ክንዱና እግሩ በውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማየት የሚፈልግ ዕረፍቱን ይቀንስ። ሁለቱን ቁጥሮች ግን በአንድ ዓምድ አትጻፏቸው።

ከዚያው ተሳታፊ፦ እኔ አሁንም መቀነሱን እመርጣለሁ። ካልተቀነሰ መነጽር ለማስተካከል የቆምኩበት ጊዜ እንኳ እንደ ድካም ይቆጠርብኛል።

መልስ፦ ለመነጽሩ እውነት አለዎት። እንዳይቀነስ የምለው ትንፋሽ ለመመለስ የቆሙበትን ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ በ25 ሜትር ገንዳ 2 ደቂቃ ከ24 ነበርኩ። ባለፈው 50 ሜትር ገንዳ ገብቼ 22 ጊዜ በ27 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ዋኘሁ። ሳሰላው 2 ደቂቃ ከ31 ሆነብኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ 1661 ሰከንድ ለ11 ሲካፈል 151 ነው። ወደ ኋላ መሄድዎን ግን ይህ ቁጥር አያሳይም። 1100 ሜትር በአጭሩ ገንዳ 43 ጊዜ መታጠፍ ይጠይቃል፤ በረጅሙ 21 ጊዜ ብቻ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግድግዳውን በእግር ገፍተው ሲወጡ፣ ለጥቂት ሜትሮች ከቀዘፋዎ የበለጠ ፍጥነት በነጻ ያገኛሉ። በረጅሙ ገንዳ ግማሹን ያህል አጥተውታል።

በታላላቆቹም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ቦቢ ፊንክ 1500 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ50 ሜትር ገንዳ በ14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ፍሎሪያን ቬልብሮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አቡዳቢ ላይ ያንኑ ርቀት በ25 ሜትር ገንዳ በ14 ደቂቃ ከ06.88 ክብረ ወሰን ሠራ። ለ100 ሜትር ሲካፈል የመጀመሪያው 58.0፣ ሁለተኛው 56.5 ሰከንድ ገደማ ነው። ዋናተኞቹ የተለያዩ ቢሆኑም አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለውጥ ስንት ሰከንድ ልጨምር?

መልስ፦ ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር አልሰጥዎትም፤ በአገፋፍዎ ይወሰናል። ግድግዳውን በእጁ ይዞ፣ ተንፍሶ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሰው በመግፋት ያገኘውን በመዞር ስለሚያጣው፣ ልዩነቱ ለእርሱ ጠባብ ነው። ተገልብጦ አጥብቆ ለሚገፋ ሰው ግን ይሰፋል። በተቀራራቢ ቀናት፣ በተመሳሳይ ርቀትና ሳያርፉ ሁለቱንም ገንዳዎች ይዋኙ። የሚያገኙት ልዩነት የእርስዎ ነው፤ መዞርዎ ሲሻሻል ደግሞ ይለወጣል።